ገጽ ሙሉ የኬሚስትሪ ምርጫ ጥያቄ፦ ሦስቱን ጥሎ አንዱን ማስቀረት

ልጆቻችሁ ለኬሚስትሪ ባግሩት ሲዘጋጁ «ሼኤሎት አሜሪካዮት» ሲሉ ሰምታችሁ ይሆናል። እኛ በአገር ቤት «የምርጫ ጥያቄ» የምንለው ነው። አንድ ጥያቄ ይቀርባል፤ ከሥሩ አራት መልሶች ይደረደራሉ፤ ትክክለኛው አንዱ ብቻ ነው። ብዙ ልጆች ይህን ክፍል ቀላል አድርገው ያዩታል፤ መልሱ ወረቀቱ ላይ ተጽፎ ስላለ መምረጥ ብቻ የሚቀር ይመስላቸዋልና። ነገር ግን ነጥብ በብዛት ከሚፈስባቸው ቦታዎች አንዱ ይኸው ነው። በጽሑፍ በሚመለስ ጥያቄ ግማሹን የሠራ ተማሪ ግማሽ ነጥብ ሊያገኝ ይችላል። በምርጫ ጥያቄ ግን የተሳሳተውን ቁጥር ያከበበ ልጅ ምን ያህል እንደሚያውቅ የሚያይለት የለም።

ለፋርማሲ፣ ለነርስነት ወይም ለላቦራቶሪ ሙያ ማመልከት የሚፈልግ ልጅ ኬሚስትሪን መሸሽ አይችልም። ስለዚህ በዚህ ሳምንት አምስት ጥያቄዎች ያሉበትን አንድ ገጽ ከላይ እስከ ታች አብረን እንሠራለን። ጥያቄዎቹን ያዘጋጀናቸው እኛ ነን፤ ዓይነታቸው ግን ልጆቹ በየጊዜው የሚያገኙት ነው። ወላጅ ኬሚስትሪ ባይማርም መንገዱን መከተል ይችላል። በመጨረሻም ከልጁ አጠገብ ተቀምጦ ምን ብሎ መጠየቅ እንዳለበት እናያለን።

መንገዱ እንዲህ ነው። ከምርጫዎቹ በላይ ያለውን ዓረፍተ ነገር «መነሻ» እንበለው። ልጁ መጀመሪያ ምርጫዎቹን በእጁ ወይም በወረቀት ሸፍኖ መነሻውን ብቻ ያነባል፤ ምን ምን እንደሚጠይቅም ያሰምርበታል። ከዚያ ምርጫዎቹን አንድ በአንድ ገልጦ እያንዳንዱን በመነሻው ይፈትናል። የማይስማማውን ይሰርዝና አጠገቡ የሰረዘበትን ምክንያት በአንድ ቃል ይጽፋል። ቀድሞ ዓይኑ የገባው መልስ ትክክል ቢመስለውም ቀሪዎቹን ሳይፈትን አያከብም።

ጥያቄ 1፦ መነሻው ስንት ነገር ይጠይቃል?

አንድ ንጥረ ነገር በክፍል ሙቀት ጠጣር ነው። ጠጣር ሳለ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፤ ሲቀልጥ ግን ያስተላልፋል። ንጥረ ነገሩ የትኛው ነው?
1) መዳብ፣ Cu
2) ስኳር፣ C₁₂H₂₂O₁₁
3) የገበታ ጨው፣ NaCl
4) ሜርኩሪ፣ Hg

መነሻው ሦስት ነገር አስቀምጧል፤ ጠጣር መሆን፣ ጠጣር ሳለ አለማስተላለፍ፣ ሲቀልጥ ማስተላለፍ። ትክክለኛው መልስ ሦስቱንም ማለፍ አለበት። የሚቸኩል ልጅ «ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል» የሚለውን ብቻ ይይዝና የኤሌክትሪክ ሽቦ ትዝ ብሎት መዳብን ያከብባል። መዳብ በእርግጥ ያስተላልፋል፤ ነገር ግን ጠጣር ሳለም ያስተላልፋል። በሁለተኛው ነገር ላይ ወደቀ፤ ይሰረዛል።

ስኳር የመጀመሪያዎቹን ሁለት ያልፋል፤ ጠጣር ነው፣ ኤሌክትሪክም አያስተላልፍም። ሲቀልጥስ? ስኳር ኤሌክትሪክ የሚሸከሙ ቅንጣቶች የሉትም፤ ቢቀልጥም ሞለኪውሎቹ ያው ሞለኪውሎች ናቸው። በሦስተኛው ወደቀ። ሜርኩሪ በክፍል ሙቀት ፈሳሽ ስለሆነ ገና በመጀመሪያው ወድቋል።

የቀረው ጨው ነው። «ሌሎቹ ስለወደቁ እሱ ነው» ብለን ሳናልፍ እሱንም እንፈትነው። ጨው ጠጣር ነው። በጠጣሩ ውስጥ አዮኖቹ፣ ልጆቹ በዕብራይስጥ «ዮኒም» የሚሏቸው፣ በየቦታቸው ታስረዋል፤ መንቀሳቀስ ስለማይችሉ ኤሌክትሪክ አይሸከሙም። 801 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ሲቀልጥ ግን ይፈታሉ፤ ይሸከማሉም። ሦስቱንም አለፈ፤ መልሱ 3 ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። ሦስቱም የወደቁት ምርጫዎች ከመነሻው ቢያንስ አንዱን ነገር ያሟላሉ። ፈተና አውጪው የሚያዘጋጀው እንዲህ ነው፤ በግማሽ የሚያነብ ልጅ የሚይዘው መልስ ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል።

ጥያቄ 2፦ ትንሿ ቃል «ሎ»

የማግኒዥየም አዮን Mg²⁺ እና የኒዮን አቶም Ne ይነጻጸራሉ። የማግኒዥየም አቶሚክ ቁጥር 12፣ የኒዮን 10 ነው። ከሚከተሉት ትክክል ያልሆነው የትኛው ነው?
1) የሁለቱ የኤሌክትሮን ቁጥር እኩል ነው
2) የሁለቱ የፕሮቶን ቁጥር ይለያያል
3) Mg²⁺ ከ Ne ያንሳል
4) በ Mg²⁺ ውስጥ 14 ኤሌክትሮኖች አሉ

በዕብራይስጡ ወረቀት ላይ «ያልሆነው» የሚለው «ሎ» በምትለው ሁለት ፊደል ላይ ተንጠልጥሏል። ልጁ ምርጫ 1ን ያነባል፤ እውነት መሆኑን ያያል፤ ደስ ብሎት ያከብበዋል። ኬሚስትሪውን አውቆ ነጥቡን ግን አጣ። መድኃኒቱ ቀላል ነው። «ሎ» ያለበት መነሻ ሲገኝ ቃሉን ማክበብ፣ ከዚያም በየምርጫው አጠገብ «እውነት» ወይም «ሐሰት» ብሎ መጻፍ ነው። አራቱም ሲሞሉ ሦስት እውነትና አንድ ሐሰት መውጣት አለበት። ሁለት ሐሰት ከወጣ አንዱ በስህተት ተፈትኗል ማለት ስለሆነ ልጁ ወደዚያ ይመለሳል። ይህ ቆጠራ ራሱ የሥራ ማረጋገጫ ነው።

እንሥራው። አንድ አቶም የፕሮቶኑ ቁጥርና የኤሌክትሮኑ ቁጥር እኩል ነው። ስለዚህ ማግኒዥየም ሲጀምር 12 ኤሌክትሮን አለው። ኤሌክትሮን አሉታዊ ስለሆነ የ 2+ ምልክት ሁለት ኤሌክትሮን ሄዷል ማለት ነው፤ 10 ቀረ። ኒዮንም 10 አለው። ምርጫ 1 እውነት። ፕሮቶናቸው 12 እና 10 ነው፤ ምርጫ 2 እውነት። እኩል 10 ኤሌክትሮኖችን ማግኒዥየም በ12 ፕሮቶን፣ ኒዮን በ10 ፕሮቶን ይስቧቸዋል። የበለጠ የሚስበው የበለጠ ይሰበሰባል፤ ያንሳል። ምርጫ 3 እውነት። ምርጫ 4 ግን መደመሪያ ምልክቱን አይቶ 12 ላይ 2 የሚደምር ልጅ የሚያገኘው ቁጥር ነው። ሐሰት ነው፤ ስለዚህ የተጠየቀው መልስ 4 ነው።

ጥያቄ 3፦ ክብደት ወይስ ቁጥር?

ከሚከተሉት ብዙ ሞለኪውሎች ያሉት በየትኛው ውስጥ ነው?
1) 32 ግራም O₂
2) 4 ግራም H₂
3) 44 ግራም CO₂
4) 27 ግራም H₂O

የሚገምት ልጅ 44 ግራምን ይመርጣል፤ ትልቁ ቁጥር ነውና። መነሻው ግን የጠየቀው ክብደትን ሳይሆን ብዛትን ነው። ይህን እናቶቻችን ከማንም በላይ ያውቁታል። አንድ ኪሎ ጤፍና አንድ ኪሎ ባቄላ በሚዛን እኩል ናቸው፤ ቁጠሩ ቢባል ግን የጤፉ ፍሬ እጅግ ይበዛል። ከባቄላው ሩብ ኪሎ የማይሞላ ጤፍ እንኳ በፍሬ ብዛት ይበልጠዋል። ሃይድሮጂን እንደ ጤፍ ነው።

ስለዚህ እያንዳንዱ ምርጫ በአንድ ሚዛን መፈተን አለበት። ያ ሚዛን «ሞል» ይባላል። አንድ ሞል የተወሰነ የሞለኪውል ብዛት ነው፤ እንደ ደርዘን፣ ነገር ግን እጅግ ግዙፍ። የአንድ ሞል ክብደት ከአባሪው ሰንጠረዥ ይሰላል፤ ለ O₂ 32 ግራም፣ ለ H₂ 2 ግራም፣ ለ CO₂ 44 ግራም፣ ለ H₂O 18 ግራም። አሁን የተሰጠውን ክብደት በአንዱ ሞል ክብደት ማካፈል ነው። 32 ለ 32 ሲካፈል 1። 4 ለ 2 ሲካፈል 2። 44 ለ 44 ሲካፈል 1። 27 ለ 18 ሲካፈል 1 ተኩል። መልሱ 2 ነው፤ ከአራቱም ቀላሉ።

በዚህ ዓይነት ጥያቄ አራቱንም ማስላት ግዴታ ነው። «በጣም ብዙ»፣ «በጣም ትንሽ»፣ «ከፍተኛ» የሚሉ ቃላት ያሉበት መነሻ ማወዳደርን ይጠይቃል። ምርጫ 4 ላይ 1 ተኩል አግኝቶ ከምርጫ 1 እና 3 በልጦ ስላየው የሚያቆም ልጅ ይሳሳታል።

ጥያቄ 4፦ ከማስላት በፊት አቅጣጫውን

በአንድ ሊትር 0.1 ሞል ካለው የ HCl አሲድ 10 ሚሊሊትር ተወሰደ። ጠቅላላው 100 ሚሊሊትር እስኪሆን ውሃ ተጨመረበት። የተገኘው ፈሳሽ pH ስንት ነው?
1) 0
2) 2
3) 3
4) 10

pH የአሲድነት መለኪያ ነው። ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል፤ 7 ላይ ንጹሕ ውሃ አለ፤ ከ7 በላይ ከአሲድ ተቃራኒው ነው። የመጀመሪያው አሲድ pH 1 ነበር። ውሃ ሲገባበት ይቀጥናል፤ ስለዚህ pH ከ1 ከፍ ማለት አለበት። ከ0 አይጀመርም፤ ምርጫ 1 ወደቀ። በሌላ በኩል አሲድ ላይ ምን ያህል ውሃ ቢፈስ የውሃውን 7 አልፎ ወደ ማዶ አይሻገርም፤ ሎሚ በውሃ ቢቀጥን ሳሙና አይሆንምና። ምርጫ 4 ወደቀ። ምንም ሳናሰላ ሁለቱ ሄዱ።

አሁን በቀሩት በ2 እና በ3 መካከል ስሌቱ ይፈርዳል። 10 ሚሊሊትር 100 ሲሆን አሥር እጥፍ ቀጠነ፤ በአንድ ሊትር 0.1 ሞል የነበረው 0.01 ሆነ። እንዲህ ባለ ብርቱ አሲድ አሥር እጥፍ በቀጠነ ቁጥር pH በ1 ይጨምራል። 1 የነበረው 2 ሆነ። መልሱ ምርጫ 2 ነው።

አቅጣጫውን ማስቀደም ሌላም ጥቅም አለው። ልጁ በማስያ መሣሪያው ላይ ቁልፍ ተሳስቶ 12 ወይም 0.2 ቢወጣለት፣ መልሱ ከ1 በላይና ከ7 በታች መሆን እንዳለበት አስቀድሞ ስለጻፈ ስህተቱን ወዲያው ያየዋል።

ጥያቄ 5፦ እውነት ነው፤ ግን የተጠየቀው እሱ አይደለም

N₂ + 3H₂ ⇌ 2NH₃

ይህ ለውጥ ወደ ቀኝ ሲሄድ ሙቀት ይሰጣል። ሁሉም ጋዞች በዝግ ዕቃ ውስጥ ሆነው ሚዛን ላይ ደርሰዋል። ሚዛን ላይ የሚገኘውን የ NH₃ መጠን የሚጨምረው የትኛው ነው?
1) ሙቀቱን ከፍ ማድረግ
2) አፋጣኝ መጨመር
3) የዕቃውን ይዘት ማጥበብ
4) ከ N₂ ጥቂት ማውጣት

ከገጹ ሁሉ ብዙ ልጆችን የሚጥለው ይህ ነው፤ የሚጥለውም የማያውቀውን ብቻ አይደለም። በዕብራይስጥ «ሺዊ ሚሽካል» የሚባለው ሚዛን ማለት ወደ ቀኝም ወደ ግራም የሚሄደው ለውጥ እኩል ፈጥኖ መጠኑ ሳይለወጥ የሚቆይበት ሁኔታ ነው። አፋጣኝ፣ በዕብራይስጥ «ዛራዝ»፣ ለውጡን ያፈጥናል። ይህ እውነት ነው። መነሻው ግን «ምን ያፈጥናል?» አላለም፤ «ምን መጠኑን ይጨምራል?» ነው ያለው። አፋጣኙ ወደ ቀኝም ወደ ግራም እኩል ስለሚያፈጥን ሚዛኑ ላይ ቶሎ ይደረሳል እንጂ መጠኑ አይለወጥም። ምርጫ 2 ወደቀ።

ምርጫ 1ም እንዲሁ ያታልላል። በክፍል የተማረ ልጅ ፋብሪካዎች አሞኒያን፣ ማለትም NH₃ን፣ የሚሠሩት በ400 እና በ500 ዲግሪ መካከል ባለ ሙቀት መሆኑን ያስታውሳል። ስለዚህ ሙቀት ይጠቅማል ብሎ ያከብባል። ፋብሪካው ግን የሚያሞቀው ያለዚያ ለውጡ እጅግ ስለሚዘገይ ነው፤ ለፍጥነቱ ሲል ከመጠኑ ላይ ይከፍላል። ወደ ቀኝ ሲሄድ ሙቀት የሚሰጥ ለውጥ ሙቀት ሲጨመርበት ወደ ግራ ይመለሳል፤ NH₃ ይቀንሳል። ምርጫ 1 ወደቀ። ምርጫ 4 ከሚሠራበት ነገር መቀነስ ነው፤ ዱቄት ቀንሶ እንጀራ አይበዛም። ወደቀ።

ምርጫ 3ን እንፈትን። በግራ በኩል አንድ N₂ እና ሦስት H₂፣ በድምሩ አራት ሞለኪውል አለ። በቀኝ ሁለት NH₃ ብቻ። ዕቃው ሲጠብ ግፊቱ ይጨምራል፤ ለውጡም ጥቂት ሞለኪውል ወዳለበት፣ ማለትም ወደ ቀኝ ያደላል። NH₃ ይጨምራል። መልሱ 3 ነው።

ከዚህ የሚወሰደው፣ «ይህ ዓረፍተ ነገር እውነት ነው ወይ?» ብሎ መጠየቅ እንደማይበቃ ነው። «ለተጠየቀው መልስ ይሆናል ወይ?» የሚለው ሁለተኛው ጥያቄ መከተል አለበት።

መንገዱ የማይደርስበት ቦታ

ምርጫን በመነሻው መፈተን ዕውቀትን አይተካም። አሲድ በpH ቁጥር የት እንደሚቀመጥ የማያውቅ ልጅ ጥያቄ 4ን በዘዴ ብቻ አይፈታውም። መንገዱ የሚሰጠው፣ ያለው ዕውቀት በችኮላ እንዳይባክን ነው። ጥቂት ዕውቀትም ዋጋ አለው። አራት ምርጫ ባላቸው ስምንት ጥያቄዎች ላይ በጭፍን የሚገምት ልጅ በአማካይ የሚያገኘው ሁለት ነው። በየጥያቄው ሁለት ምርጫ በምክንያት ከጣለ በኋላ የሚገምት ግን በአማካይ አራት ያገኛል።

ሁለት ምርጫ ቀርቶ መለየት ካቃተ፣ ልጁ ምርጫዎቹን ደጋግሞ ከማንበብ ይልቅ ሁለቱ የሚለያዩበትን አንድ ነገር ፈልጎ ያንኑ ይዞ ወደ መነሻው ይመለስ። ያም ካልሆነ ምልክት አድርጎ ይለፍና በመጨረሻ ይመለስበት። መልስ በሌላ ወረቀት ላይ የሚሞላ ከሆነ፣ ጥያቄ ሲዘል መስመር እንዳይዛባ ቁጥሩን በጣቱ ይዞ ይሙላ። አምስተኛው መልስ በአራተኛው መስመር ከገባ ከዚያ በታች ያለው ሁሉ ይበላሻል።

ወላጅ ምን ይጠይቅ?

የትምህርት ሚኒስቴር ያለፉ ዓመታት የባግሩት ፈተናዎችን በድረ ገጹ ላይ ያወጣል። ልጁ ከዚያ አንድ ገጽ አትሞ ይሥራ። ሲጨርስ ወላጅ «ስንት አገኘህ?» ብሎ አይጀምር። አንድ ጥያቄ ላይ ጣቱን አድርጎ የተሰረዙትን ሦስቱን አንድ በአንድ ይጠይቅ፦ «ልጄ፣ ይሄን ለምን ጣልኸው?» ልጁ የዕብራይስጡን ቃል እንደያዘ በአማርኛ ቢያስረዳ ይበቃል። «እማዬ፣ መዳብ ሳይቀልጥም ያስተላልፋል፤ ጥያቄው ግን ሲቀልጥ ብቻ ይላል» ካለ ያውቀዋል። «አይመስልም»፣ «ያኛው ይሻላል» ካለ ግን፣ ያከበበው መልስ ትክክል ቢሆንም እንኳ፣ ገምቷል ማለት ነው።

እንዲህ ያሉትን ጥያቄዎች ለብቻ ምልክት ያድርግባቸው። በምክንያት የተሠሩትንና በግምት የተገኙትን ለየብቻ ይቁጠራቸው። በአሥር ጥያቄ ስምንት ያገኘና ሦስቱን የገመተ ልጅ በእጁ ያለው አምስት ነው። ሦስቱ ስለ ምን ነበሩ? ሁለቱ ስለ ሚዛን ከሆኑ፣ ለመምህሩ ወይም ለአስጠኚው «ኪምያ ከብዶታል» ብሎ ከመናገር ይልቅ «ሺዊ ሚሽካል ላይ ይገምታል» ብሎ መናገር ይቻላል። አስጠኚው ከየት መጀመር እንዳለበት ያን ጊዜ ያውቃል፤ ለማስጠኛ የሚከፈለው ገንዘብም ልጁ በሚያውቀው ላይ አያልቅም።